ደመወዙ ስላነሰ ሁለተኛውን ቃለ መጠይቅ መተው፦ ከስሌቱ እስከ ደብዳቤው

የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ጥሩ ሄዷል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሰው ሃብት ክፍል ኢሜይል ይመጣል። «ለሁለተኛ ዙር ተመርጠዋል፤ ሐሙስ ከሰዓት ይመችዎታል? ለመረጃ ያህል የቦታው ደመወዝ ከዚህ እስከዚህ ነው» ይላል። ጣሪያውን ስታዩት እናንተ ካሰባችሁት በታች ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ይሉኝታ ይዞት ይሄድና ግማሽ ቀን አቃጥሎ ይመለሳል፤ ወይ ደግሞ መልስ ሳይሰጥ ድምፁን ያጠፋል። የመጀመሪያው የራስን ጊዜ ይበላል። ሁለተኛው ስምን ይበላል። በትክክል ለመተው የሚያስፈልገው አንድ የወረቀት ላይ ስሌት፣ ምናልባት አንድ ጥያቄ፣ ከዚያ አንድ አጭር ደብዳቤ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ቁርጥ አድርገን እንያዝ። መተው እና መደራደር ለየቅል ናቸው። ደመወዙ ከፍ ቢል የምትቀጥሉ ከሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። «አልቀጥልም» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን በእርግጥ ስለማትቀጥሉ መሆን አለበት። «አልመጣም» እያሉ ቀጣሪው እንዲለምን መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው «እሺ፣ መልካም ዕድል» በሚል መልስ ነው። ያኔ መመለሻ የለም።

1. የተነገራችሁን ቁጥር በትክክል አንብቡት

ቁጥሩ አነሰ ከማለታችሁ በፊት ምን እንደሆነ እወቁ። የወር ነው የዓመት? ግብር ሳይቆረጥ ነው ወይስ የተጣራ? መሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው ወይስ አበልና ቦነስ ተደምሮበታል? ይህ የጀማሪ ጥያቄ ይመስላል። ግን የተጣራ ደመወዙን ካልተጣራው ጋር አወዳድሮ ጥሩ ቦታ የሚተው ሰው አለ። በተቃራኒው ቦነስ የተደመረበትን ቁጥር እንደ ደመወዝ ቆጥሮ የሚሄድም አለ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይደበቃል። መነሻና ጣሪያ ሲነገራችሁ ዓይናችሁ ጣሪያው ላይ ያርፋል። ቀጣሪው የሚያየው ግን መሃሉን ነው። የደመወዝ እርከን ባላቸው ድርጅቶች ዘንድ የእርከኑ መሃል የሚታሰበው ሥራውን ሙሉ በሙሉ ለሚችል ሰው ነው። ከመሃሉ በታች ያለው ገና እየለመደ ላለ ሰው ነው። ከመሃሉ በላይ ያለው ደግሞ በዚያው ደረጃ ላይ ለቆየና በየዓመቱ ጭማሪ ላገኘ ሠራተኛ ይተዋል። አዲስ ሰው ጣሪያው ላይ ከተቀጠረ በሚቀጥለው ዓመት የሚጨመርለት ቦታ አይኖርም። ከጎኑ የተቀመጠው የቆየ ሠራተኛም ይጠይቃል። ስለዚህ አዲስ ተቀጣሪ የሚገባው በአብዛኛው ከመነሻው እስከ መሃሉ፣ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ከመሃሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

እርከን በሌለው ትንሽ ድርጅት ነገሩ ይለያል። እዚያ ጣሪያው ብዙ ጊዜ አለቃው ለቦታው የያዘው በጀት ነው። ጎበዝ ተደራዳሪ ሊደርስበት ይችላል፤ ከዚያ ማለፍ ግን ከሌላ ኪስ ማውጣት ይሆናል።

በነገራችን ላይ ደመወዙን አስቀድመው መንገራቸው ለእናንተ ጥሩ ነገር ነው። በአንዳንድ አገሮች በሕግም የታዘዘ ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀጣሪዎች በሥራ ማስታወቂያ ላይ ደመወዙን ማሳወቅ አለባቸው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የክፍያ ግልጽነት መመሪያም አመልካቹ መነሻ ደመወዙን ወይም መነሻና ጣሪያውን አውቆ እንዲደራደር ያዛል። የዚህ ዓይነት ሕግ የሚወጣው እኮ ሰው ቁጥሩን አይቶ «አይሆነኝም» ማለት እንዲችል ጭምር ነው። ስለዚህ በደመወዝ ምክንያት መተው ቀጣሪውን የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። የሚያፍረው አመልካቹ ብቻ ነው።

2. የራሳችሁን ወለል አስሉ

ጣሪያ የእነሱ ነው፤ ወለል የእናንተ። ወለል ማለት ከዚያ በታች ከሆነ ሥራ መቀየሩ ትርጉም የማይኖረው መጠን ነው። ብዙ ሰው ወለሉን በስሜት ይወስናል። «ትንሽ ከአሁኑ ይሻል» ብሎ ያልፋል። በወረቀት ላይ ሲሠራ ግን የሚገርም ውጤት ይመጣል።

አንዲት በሥራዋ የቆየች የሒሳብ ባለሙያን እንውሰድ። ስሌቱ በየትኛውም ገንዘብ እንዲያገለግል አሁን የምታገኘውን ያልተጣራ የወር ደመወዝ 100 እንበለው። ድርጅቱ ሰርቪስ መኪና ያቀርብላታል። ባይኖር ኖሮ ለትራንስፖርት ከኪሷ በወር 6 ያህል ታወጣ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ የተለመደው የዓመት ጭማሪ አለ፤ 8 በመቶ ነው። ስለዚህ ምንም ሳትንቀሳቀስ፣ ባለችበት ብትቀመጥ፣ በቅርቡ 108 ሲደመር 6፣ ማለትም 114 ይኖራታል።

ይህን ቁጥር ልብ በሉ። የምታወዳድረው ከ100 ጋር ቢሆን ኖሮ ትሳሳት ነበር። አዲስ ቦታ የሙከራ ጊዜ አለው፤ አዲስ አለቃ አለው፤ ያጠራቀመችው የዓመት ፈቃድም ሊቀርባት ይችላል። ለዚህ ሁሉ ትንሽ ማካካሻ ጨምራ ወለሏን 120 ላይ አደረገችው።

አሁን የመጣላትን ኢሜይል እንይ። ደመወዙ ከ85 እስከ 112 ነው። ሰርቪስ የለም። ቦነስ አለ፤ እንደ ድርጅቱ ውጤት እስከ ደመወዙ 10 በመቶ ይደርሳል። መሃሉ 98.5 ነው። መሃሉ ላይ ብትቀጠርና ቦነሱ ግማሽ ቢከፈል ወደ 103 ተኩል ታገኛለች። ባለችበት ከምታገኘው 114 ጋር ሲነጻጸር ይህ ጭማሪ ሳይሆን ቅነሳ ነው። ወለሏን የምታልፈው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ጣሪያው ላይ ወይም አጠገቡ ተቀጥራ ቦነሱም በአብዛኛው ከተከፈላት። ያኔ ቢበዛ 123 ይሆናል። ሁለቱም ነገር በአንድ ላይ እንዲሳካ ተስፋ አድርጎ ሥራ መልቀቅ ግን እኔ የምመክረው ነገር አይደለም።

ቦነስን በተመለከተ የእኔ ልማድ ቀላል ነው። በውል የተረጋገጠ ካልሆነ ግማሹን ብቻ እቆጥራለሁ። ባለፉት ዓመታት ስንት እንደተከፈለ ሊነግሩኝ ካልፈለጉ ደግሞ ዜሮ አደርገዋለሁ።

ስሌቱ ውስጥ የማይገቡ ነገሮችም አሉ። ከቤት መሥራት፣ የምትፈልጉትን ሙያ መማር፣ ከመጥፎ አለቃ መገላገል። እነዚህ ዋጋ አላቸው። ካላቸው ወለላችሁን ዝቅ አድርጉትና በአዲሱ ወለል አስቡ። ወለሉን እንዳለ ይዛችሁ «ግን እኮ ከቤት ይሠራል» እያላችሁ ራሳችሁን አታባብሉ።

3. ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጠይቁ

በጣሪያቸውና በወለላችሁ መካከል ያለው ክፍተት እስከ 10 በመቶ ከሆነ መጠየቅ ያዋጣል። 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀጥታ ወደ ደብዳቤው ሂዱ። በመካከል ያለውን እንደ ሁኔታው ፍረዱ። ይህ ከልምድ የመጣ መለኪያ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ጠባብ ክፍተት በአንድ ኃላፊ ፊርማ ሊዘጋ ይችላል። ሰፊ ክፍተት ግን የሥራ ደረጃውን ራሱን ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። ያ ደግሞ ፋይናንስ መስማማት አለበት፤ የነባር ሠራተኞች ደመወዝ ጉዳይም ይነሳል። ለአንድ አመልካች ሲባል በሳምንት ውስጥ አይሆንም።

የሒሳብ ባለሙያዋ ክፍተት ከ112 እስከ 120 ነው፤ 7 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ጠየቀች። ጥያቄዋ ይህ ነበር፦

> «ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ቀጠሮውን ከማረጋገጤ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ የምፈልገው መሠረታዊ ደመወዝ ከ120 ይጀምራል። ለዚህ ቦታ አዲስ ተቀጣሪ በአብዛኛው የሚገባው በየትኛው መጠን ላይ ነው? ከ112 በላይ መሄድ የሚቻልበት ሁኔታስ አለ?»

ጥያቄው ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱም የተለየ ሥራ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ጣሪያው እውነተኛ ይሁን የወረቀት ጌጥ ያሳያል። ሁለተኛው በሩ ክፍት መሆኑን ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ «ደመወዙ አነሰ» የሚል ቃል የለበትም። ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

የመልሱን እውነተኝነት የምታውቁት ቁጥር ይዞ በመምጣቱ ነው። «እስከ 118 ድረስ ከመምሪያ ኃላፊው ጋር ተነጋግረናል» መልስ ነው። «ለትክክለኛው ሰው አንጨናነቅም»፣ «መጀመሪያ እንተዋወቅ፣ ከዚያ እንነጋገርበታለን»፣ «ጥቅማ ጥቅሙም ጥሩ ነው» መልስ አይደሉም። መልሱን የጻፈው ሰው ሥልጣን ስለሌለው ሊሆን ይችላል፤ ክፋት አይደለም። ግን ቁጥር የሌለው ተስፋ ከሦስት ዙር ቃለ መጠይቅ በኋላም ያው ጣሪያ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ለእሷ የመጣው መልስ ሐቀኛ ነበር። «አዲስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከ መሃሉ ነው የምንቀጥረው። 112 ለቆዩ ሠራተኞች ነው» አሏት። 7 በመቶ የመሰለው ክፍተት በአንድ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ሆነ። ጉዳዩ እዚህ አለቀ።

4. ለማን፣ መቼ፣ በምን

ለጋበዛችሁ ሰው፣ በዚያው ኢሜይል ላይ መልስ በመስጠት ጻፉ። አዲስ ኢሜይል ከፍታችሁ አትጀምሩ፤ የቀጠሮው ጉዳይና መልሱ አንድ ላይ ቢሆኑ ይሻላል። በመጀመሪያው ዙር ያናገራችሁን ኃላፊ በግልባጭ አታስገቡት። እሱ ስለ ደመወዝ መነጋገር ላይፈልግ ይችላል፤ የሰው ሃብት ክፍሉም እላዩ ላይ የተዘለለ ይመስለዋል። በኤጀንሲ በኩል ከሆነ የመጣችሁት፣ ለኤጀንሲው ብቻ ጻፉ።

በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ይሁን። ሁለተኛ ዙር ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ሰው ነው የሚቀመጠው፤ የሁሉም ሰዓት መገጣጠም አለበት። ቶሎ ከነገራችኋቸው ሰዓቱን ለሌላ ተወዳዳሪ ይሰጡታል። በዋዜማው ማታ ከነገራችኋቸው ግን ምክንያታችሁ የቱንም ያህል ልክ ቢሆን የሚታወሰው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በንዴት ስትጽፉ ደግሞ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

በስልክ ከጋበዟችሁ በስልክ መልሱ፤ ቀጥሎም ሁለት መስመር በጽሑፍ ላኩ። ስልክ ላይ አደጋው ወሬው ወደ ድርድር መንሸራተቱ ነው። የምትሉትን አስቀድማችሁ ያዙ፦ «ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ደመወዙን አየሁት፤ ከምፈልገው በታች ስለሆነ ላለመቀጠል ወስኛለሁ። የሐሙሱን ሰዓት እንድትጠቀሙበት ብዬ ነው ቶሎ የደወልኩት።» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል። ግን ያንን ዝምታ ለመሙላት ነው ሰው የማያስፈልግ ነገር የሚናገረው።

5. ደብዳቤው

የሒሳብ ባለሙያዋ የላከችው ይህን ነው፦

> ጤና ይስጥልኝ፣
>
> ለሁለተኛው ዙር ስለመረጣችሁኝ፣ ጥያቄዬንም በግልጽ ስለመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ።
>
> በዚህ ውድድር ላለመቀጠል ወስኛለሁ። የሐሙሱን ቀጠሮ ለሌላ ተወዳዳሪ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።
>
> ምክንያቴ ደመወዙ ነው። የምፈልገው መሠረታዊ ደመወዝ ከ120 ይጀምራል፤ ለቦታው የተመደበው ከዚያ በታች ነው።
>
> ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ስለ ወር መዝጊያ ሒሳብ ያደረግነውን ውይይት ወድጄዋለሁ፤ ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ከፍ ባለ ደረጃ የሒሳብ ቦታ ስትከፍቱ ብታሳውቁኝ ደስ ይለኛል።
>
> ከአክብሮት ጋር

ይኸው ነው። አሁን ለምን እንዲህ እንደተጻፈ እንመልከት።

ውሳኔው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው፤ ታች አልተቀበረም። ኢሜይሉን የሚያነበው ሰው በቀን ብዙ እንዲህ ያለ ነገር ያነባል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ትመጣለች ወይስ አትመጣም? ያንን ካላገኘ ደውሎ ይጠይቃል፤ እናንተም የሸሻችሁት ወሬ ውስጥ ትገባላችሁ። «ላለመቀጠል ወስኛለሁ» የሚለው ቃል ያለቀ ነገር ነው። «መቀጠሌን እጠራጠራለሁ» ወይም «ትንሽ ያስቸግረኛል» ብትል ኖሮ አልተወሰነም ማለት ነው።

ምክንያቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። «ደመወዛችሁ ዝቅተኛ ነው» አላለችም። «ከምፈልገው በታች ነው» ነው ያለችው። የመጀመሪያው በእነሱ ላይ ፍርድ ነው፤ ሰው ደግሞ ፍርድ ሲሰጠው ይከራከራል። ሁለተኛው ስለ ራሷ ነው፤ ለክርክር አይመችም። «ሌላ ድርጅት ለዚህ ሥራ ይህን ያህል ይከፍላል» የሚለውም እውነት ቢሆን እንኳ እዚህ ቦታ የለውም። ያ ለድርድር ጊዜ የሚጠቅም ነገር ነው።

ቁጥሩን ይጻፉ ወይስ አይጻፉ? ሰዎች እዚህ ላይ ይለያያሉ። እኔ ይጻፍ ባይ ነኝ። ብዙ ቀጣሪዎች የአመልካቾችን መረጃ የሚይዙበት ሶፍትዌር አላቸው፤ ስለ እናንተ የሚቀረው ማስታወሻ ከደብዳቤያችሁ የተወሰደ አንድ መስመር ነው። «በደመወዝ ምክንያት ተወች፣ ከ120 በላይ» የሚል ማስታወሻ ቢቀር በሚቀጥለው ጊዜ የሚደውሉላችሁ ከዚያ በላይ የሆነ ቦታ ሲኖራቸው ነው። «በግል ምክንያት ተወች» የሚል ቢቀር ግን ያው 85 እስከ 112 ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። ቁጥሩ የማይጻፍበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ወለላችሁን ገና እርግጠኛ ካልሆናችሁ። ያኔ «ከምፈልገው ጋር አይገጥምም» ብቻ ይበቃል።

የጻፈችው የምትፈልገውን እንጂ አሁን የምታገኘውን አይደለም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። አሁን የምታገኙትን ከነገራችሁ ወደፊት የሚሰላላችሁ ከእሱ ተነስቶ ነው። ከላይ ያነሳሁት የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ቀጣሪው የቀድሞ ደመወዝ እንዳይጠይቅ እስከመከልከል የደረሰው ለዚህ ነው። ሳትጠየቁ ራሳችሁ አትስጧቸው።

ምስጋናው አንድ እውነተኛ ነገር ይዟል፦ ስለ ወር መዝጊያ ሒሳብ የተደረገ ውይይት። «ድርጅታችሁ በጣም ግሩም ነው» ማለት ለማንም የሚላክ ነገር ነው። የምታስታውሱት ነገር ከሌላችሁ ይህን አንቀጽ ተዉት፤ ባዶ ሙገሳ ከሚሆን ባይኖር ይሻላል።

በሩን ክፍት የምትተወውም በልክ ነው። «ከፍ ባለ ደረጃ» ብላለች። «ሌላ ማንኛውም ሥራ ካለ» ብትል የጻፈችውን ቁጥር ራሷ ታፈርሰው ነበር።

አሁን ደግሞ የማይሆነውን እንይ። እንዲህ የሚጻፍ ብዙ አለ፦

> «በጣም በጣም ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ እንዲህ ዓይነት ዕድል ስለሰጣችሁኝ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። ነገር ግን እንደምታውቁት ኑሮ ተወዷል፣ የቤት ኪራይም አለ፣ ቤተሰብም አስተዳድራለሁ፤ በዚህ ደመወዝ በእውነት የሚከብደኝ ይመስለኛል። ደመወዙ የሚስተካከልበት መንገድ ካለ ግን ዝግጁ ነኝ።»

ይቅርታው ጥፋት ያለ ያስመስላል። ኪራዩና ቤተሰቡ ለቀጣሪው ስሌት ውስጥ የሉም፤ የሚከፍለው ለሥራው ነው። «ይመስለኛል» ውሳኔውን ይቦረቡረዋል። የመጨረሻው መስመር ደግሞ ደብዳቤውን በሙሉ ይገለብጠዋል፤ ትቶ ሳይሆን ለምኖ የወጣ ሰው ያደርጋል። ከሁሉ የሚከፋው ቁጥር አለመኖሩ ነው። ሊያስተካክሉ ቢፈልጉ እንኳ እስከ ስንት እንደሆነ አያውቁም።

6. ከላካችሁ በኋላ የሚመጣው

ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ስላሳወቁን እናመሰግናለን» የሚል አንድ መስመር ነው። መልስ አይፈልግም። ዝምም ሊሉ ይችላሉ፤ ያም ያለቀ ነው።

አስቸጋሪው «ለማንኛውም ኑ፣ ኃላፊው ሊያናግርዎት ይፈልጋል» የሚለው ነው። ደስ ይላል፤ ልብንም ያነሳሳል። መልሱ ግን አጭር ነው፦ «ስለ ፍላጎታችሁ አመሰግናለሁ። ደመወዙ ከ120 ጀምሮ መሆኑን በጽሑፍ ካረጋገጣችሁልኝ እመጣለሁ፤ ካልሆነ ውሳኔዬ ያው ነው።» ይህ የቅድሙን ምክር አይቃረንም። እናንተ ትታችሁ ነበር፤ ተመልሰው የመጡት እነሱ ናቸው። ከመጡ ደግሞ ቁጥር ይዘው ይምጡ።

አንዳንዴ ሲፈረም የሚሰጥ የአንድ ጊዜ ክፍያ ያቀርባሉ። ይህን ለ12 አካፍሉት። ለሒሳብ ባለሙያዋ 112 በአንድ ጊዜ እንስጥሽ ብለው መሃሉ ላይ ቢቀጥሯት ኖሮ፣ በወር ሲታሰብ ከ98.5 ላይ 9.3 ያህል ይጨምርላት ነበር። 108 ገደማ ይሆናል፤ አሁንም ከ114 በታች። ያውም ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት ያ ገንዘብ የለም፤ የዓመት ጭማሪውም የሚሰላው በ98.5 ላይ ነው። ብዙ ድርጅቶች ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ከለቀቃችሁ መልሱ ይላሉ፤ ውሉን አንብቡ።

እነዚህ ሁኔታዎች ካሉባችሁ ቆም በሉ

አሁን ሥራ ከሌላችሁ ስሌቱ ይለያል። ማነጻጸሪያው 114 ሳይሆን ያጠራቀማችሁት ገንዘብ የሚያቆያችሁ ወራት ነው። ሁለት ወር ብቻ የሚቀራችሁ ከሆነ ሂዱ፤ ሌላውን ፍለጋም አታቁሙ። የሥራ አጥ ድጎማ በሚከፈልበት አገር የምትኖሩ ከሆነም ከመተዋችሁ በፊት ደንቡን አጣሩ። አንዳንድ ቦታ ሥራ አልፈልግም ማለት ድጎማውን ሊነካ ይችላል።

ወደ ውድድሩ የገባችሁት በወዳጅ ጥቆማ ከሆነ ደብዳቤውን ከመላካችሁ በፊት ለእሱ ንገሩት። ስልክ ደውላችሁ «ደመወዙ አልገጠመም፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ» በሉት። ነገ በኮሪደር ላይ «ያ ያመጣኸው ሰው ተወን እኮ» ሲባል ባዶውን እንዳይቆም።

«ለልምምድ ልሂድ» የሚል ሰውም አለ። በመጀመሪያው ዙር እሺ። በሁለተኛው ግን ኃላፊዎች ሥራ ትተው ነው የሚቀመጡት፤ አንዳንዶቹ የተግባር ፈተናም ያዘጋጃሉ። ጎበዝ ሆናችሁ ካለፋችሁ በኋላ አስቀድማችሁ ባወቃችሁት ደመወዝ ምክንያት ብትተዉ፣ ማስታወሻው ላይ የሚጻፈው ጥሩ አይሆንም።

የቀረው ማጽዳት ነው

የቀን መቁጠሪያ ግብዣ ልከውላችሁ ከሆነ ኢሜይሉ ከሄደ በኋላ እሱንም ውድቅ አድርጉት። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ ግብዣው ቀድሞ ከተሰረዘ ያለ ምክንያት የጠፋችሁ ይመስላል። በድረ ገጻቸው ላይ ያስገባችሁት ማመልከቻ ካለ ገብታችሁ ከውድድሩ መውጣታችሁን ምልክት አድርጉ፤ ካልሆነ አውቶማቲክ የማስታወሻ መልእክት መምጣቱን ይቀጥላል። የሥራ ማስታወቂያውንም ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ማስታወቂያው ይነሳል። ስሙን፣ ቀኑን፣ የነገሯችሁን መነሻና ጣሪያ፣ አዲስ ሰው እስከ ስንት እንደሚቀጥሩ ከጎኑ ጻፉበት። ያው ድርጅት በሚቀጥለው ዓመት ሲደውል መጀመሪያ የምትከፍቱት ይህን ገጽ ነው።